«ሆልድ» ማለት «ያዢ» ማለት አይደለም

ከእንፍራንዝና ከአካባቢው ወጥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ሲታመሙ መጀመሪያ የሚጽፉት ለኤምባሲ አይደለም፤ ለወንድም ነው። ሆስፒታል ተኝታ የወጣች ሴት የተሰጣትን ወረቀት አልጋው ላይ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች። በቴሌግራም ትልከዋለች። ከሥሩ «ምን ይላል?» ብላ ትጽፋለች። እንፍራንዝ ያለው ወንድም ዲግሪ ያለው ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተምራል ወይም ቢሮ ይሠራል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ ያነባል። ከዚያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በድምፅ መልእክት ይተረጉምላታል።

የዚያ የአሥር ደቂቃ ትርጉም ችግር ሰዎች እንደሚያስቡት ከባዱ የሕክምና ቃል ላይ አይደለም። ከባዱን ቃል ወንድምየው እንደማያውቀው ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል፣ ይጠይቃል፣ ወይም እንዳለ ይተወዋል። ሰው የሚጎዳው ያወቀው በመሰለው ቃል ነው፤ በ«ሰዓት»፣ በ«ቀን»፣ በ«ያዝ»፣ በአንዲት የገደል ምልክት በመሰለች ሰያፍ መስመር።

ነገሩ በአንድ ወረቀት ላይ ቢታይ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው የአንዲት የታወቀች ሴት ወረቀት አይደለም፤ በዚህ ሕመም ከሆስፒታል የሚወጡ ሰዎች ወረቀት ላይ የሚታየውን ሰብስቦ የተሠራ ምሳሌ ነው። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ገደማ ናት እንበል። ሕመሟ ሪውማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ነው፤ በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች ዋነኛ ከሚባሉት አንዱ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው መነሻው። ሰውነት ያንን ተሕዋስ ለመዋጋት ሲነሣ የራሱንም የልብ በሮች ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወይም በከባድ ሥራ ላይ ነው የሚገለጠው። የእሷ ጠባብ የሆነው ማይትራል የሚባለው የልብ በር ነው። በሩ ሲጠብ ደም ከኋላው ይጠራቀማል፤ የልብ ምት ሥርዓት ያጣል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ አንጎል ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ የሚሰጠው ይህን ለመከላከል ነው።

ቴሌግራም ላይ የደረሰው ፎቶ የመድኃኒቱ ክፍል እንዲህ ይላል፤ የወጣችበት ቀን እሑድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ነው።

```
Furosemide 40 mg PO BID (0800, 1400)
Digoxin 125 mcg PO OD
Warfarin: HOLD x 2/7, INR 12/03/2024,
  then 2.5 mg PO OD 1800
Benzathine penicillin 1.2 MU IM q4wk
```

አራት መድኃኒት ናቸው። ሦስተኛው ላይ ቆየት ማለት ያስፈልጋል፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚያ ነው።

ሆስፒታል የገባችው ደሟ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ነው እንበል። የደም መቅጠን የሚለካው አይ ኤን አር በሚባል ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው አንድ አካባቢ ይሆናል፤ እንደ እሷ ላለች ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። የእሷ ከ6 በላይ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ የጻፈው «ሆልድ» ዋርፋሪኑ ለጊዜው ይቁም ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ ግን «ሆልድ» የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው «መያዝ» በሚለው ነው። ወንድምየው «ዋርፋሪን የሚባለውን ያዢው ይላል» ቢላት፣ እሷ የምትሰማው «እንዳትተዪው» የሚለውን ነው። ሐኪሙ ከጻፈው ትእዛዝ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነገር ማለት ነው። ቀድሞም የቀጠነው ደም ይበልጥ ይቀጥናል። ድድ መድማት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ አንዳንዴም አንጎል ውስጥ መድማት ይከተላል። የሚገርመው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ነርስ ይህን አይስትም፤ ዋርዱ ውስጥ «ሆልድ ይደረግ» ሲባል ማቆም እንደሆነ የሚያውቀው ከሥራው ነው እንጂ ከመዝገበ ቃላት አይደለም።

ቀጥሎ ያለችው 2/7 ደግሞ ሌላ ወጥመድ ናት። በእንግሊዝ ሥርዓት የተማሩ ሐኪሞች ቀንን በሰባት፣ ሳምንትን በሃምሳ ሁለት፣ ወርን በአሥራ ሁለት ላይ አድርገው ይጽፋሉ። 2/7 ሁለት ቀን ነው፤ 2/52 ሁለት ሳምንት ነው፤ 2/12 ሁለት ወር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀን መቁጠሪያ ይመስለዋል። ፈረንጁ ሐምሌ ወይም የካቲት ይለዋል። ሐበሻው ደግሞ የባሰ ነገር ይገጥመዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፤ ስለዚህ 2/7 መጋቢት 2 ይሆናል። መጋቢት 2 ደግሞ ከሆስፒታል በወጣች ማግሥት ነው! የተሳሳተ ትርጉም ሁልጊዜ ትርጉም የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ይያዝ ነበር። አደገኛው እንዲህ ልክ የሚመስለው ነው፤ «መጋቢት 2 ቀን ዋርፋሪን ያዢ» የሚል ዓረፍተ ነገር በፍጹም አማርኛ ይነበባል፣ ማንም አይጠራጠረውም።

በዚያው መስመር 12/03/2024 አለ። ደም የምትሰጥበት ቀን ነው። በዓለም አብዛኛው ክፍል ማርች 12 ነው። አሜሪካዊ ቢያነበው ዲሴምበር 3 ይለዋል። ቁጥሩን ብቻ አውጥቶ 12/03 ብሎ ለሚልክላት ሰው ደግሞ ኅዳር 12 ነው፤ ያለፈ ቀን። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ሰው የሚረሳው ነው፤ የሳምንቱን ቀን ስም መጻፍ። ፈረንጅም ሐበሻም ዓረብም ማክሰኞን በማክሰኞ ነው የሚቆጥሩት። «የፊታችን ማክሰኞ፣ መጋቢት 3፣ ስልክሽ ላይ ማርች 12 የሚለው ቀን» ተብሎ ሲጻፍ የሚሳሳት ሰው የለም። የሳምንቱ ቀን ከቁጥሩ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ትርጉሙ ውስጥ ስሕተት እንዳለ እዚያው ይታወቃል።

መስመሩ አላለቀም። «ከዚያ 2.5 ሚሊ ግራም» ይላል። ከዚያ ማለት ከሁለት ቀን በኋላ በራሷ ትጀምር ማለት ነው ወይስ የደሙ ውጤት ታይቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ? ወረቀቱ አይናገርም። በሙያው ላይ ያለ ሰው ሁለተኛው ነው ብሎ መገመቱ አይቀርም፤ ውጤቱ ሳይታይ ደም የሚለካበት ምክንያት የለምና። ተርጓሚ ግን ሊገምት አይገባም። እዚህ ላይ ጥሩ ተርጓሚ የሚጽፈው ትርጉም ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ «ማክሰኞ ስትሄጂ ‹ውጤቱን አይተው እርስዎ እስኪነግሩኝ ልጠብቅ?› ብለሽ ጠይቂ፤ እስክትጠይቂ አትጀምሪ» ብሎ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጽፎ ቢልክላት ደግሞ ነርሷ አንብባ ትመልሳለች። ብዙ ወንድሞች ይህን አያደርጉም፤ አለማወቅ የተርጓሚ ውርደት ስለሚመስላቸው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ይህ ሰዓትን እንደ እኛ ለሚቆጥር ሰው የሚመጣ ችግር ነው፤ ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያ ላይ በቀላሉ ፈልጎ አያገኘውም። ዋርፋሪኑ 1800 ይላል፤ ማለትም የፈረንጁ ምሽት 6 ሰዓት። «በ6 ሰዓት ውሰጂ» ተብሎ ቢተረጎም ለእሷ እኩለ ቀን ነው፤ ወይም እኩለ ሌሊት። ትክክለኛው ምሽት 12 ሰዓት ነው። የሽንት ኪኒኑ ፉሮሴማይድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው፤ የፈረንጁ ጠዋት 8 እና ከሰዓት በኋላ 2። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት 8 ሰዓት። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ያው ናቸው! አንድ ቸኩሎ የተረጎመ ሰው «8 ሰዓትና 2 ሰዓት» ብሎ ቢልክላት፣ እሷም 2 ሰዓቱን በጠዋት ብትወስደው፣ በአጋጣሚ ልክ ይሆናል። ይህ አጋጣሚ ክፉ አጋጣሚ ነው። ሰውየው ሰዓት መቀየር እንደማያስፈልግ ይማርበታል፤ በዚያው ልማድ ዋርፋሪኑንም ይተረጉመዋል። እሷ 2 ሰዓቱን ማታ ብትለው ደግሞ የሽንት ኪኒን ወስዳ ልትተኛ ነው፤ ሌሊቱን ስትነሣ ታድራለች፤ ሦስተኛው ሌሊት ላይ የማታውን ትተወዋለች፤ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል።

ሌላም ነገር አለ። እሷ ያለችው ውጭ ነው። ስልኳ የፈረንጁን ሰዓት ያሳያል፤ አሠሪዋ በዚያ ሰዓት ታዝዛታለች፤ ከወንድሟ ጋር ስታወራ ግን በአበሻ ሰዓት ነው። አንዲት ሴት በሁለት ሰዓት ነው የምትኖረው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጻፍ አይበቃም፤ ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ስልክሽ 8:00 ሲል።» አንዳንዶች ከሰዓት ይልቅ ምግብ ይሻላል ይላሉ፤ ከቁርስ ጋር፣ ከእራት ጋር እያሉ ይጽፋሉ። በሌላ ወቅት ጥሩ ምክር ነበር። በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው፤ ከሆስፒታል በወጣች ማግሥት። የምትጾም ከሆነ ቁርስ የሚባል ነገር የለም። ቁርስ የሌላትን ሴት ከቁርስ ጋር ውሰጂ ማለት በዘጠኝ ሰዓት ውሰጂ ማለት ነው።

ጾሙን ካነሣን አይቀር፣ ይህ ወረቀት ዝቅ ብሎ ምክር የሚል ክፍል አለው እንበል። እዚያ ላይ «የቫይታሚን ኬ መጠን አይለዋወጥ» የሚል ይገኛል። ወንድምየው ቃል በቃል ይተረጉመዋል፤ ስሕተት የለበትም፤ ግን ምንም አልነገራትም። እንፍራንዝ ተወልዳ ያደገች ሴት ቫይታሚን ኬን አታውቀውም፤ የምታውቀው ጎመን ነው። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ የሚቃወም ቫይታሚን በብዛት አለው። መልእክቱ ጎመን አትብዪ አይደለም፤ መጠኑን በአንድ ጊዜ አትጨምሪ፣ በአንድ ጊዜም አትተዪ ነው። ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት ወደ ጎመን የሚዞር ሰው ሳያውቀው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀይረዋል። ሐኪሙ ባሕር ማዶ ሆኖ ይህን አያውቅም፤ ወንድምየው ያውቃል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላት የሚበልጥበት ቦታ ነው፤ «ጾም ገብቷል፣ ጎመን እበላለሁ» ብላ ማክሰኞ ለሐኪሙ እንድትነግር ማድረግ።

አሁን ስለ መጠን። ዲጎክሲን 125 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሚሊ ግራም አንድ ሺሕ ማይክሮ ግራም ነው፤ ስለዚህ ይህ 0.125 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በላቲኑ ሁለቱን መለያው አንዲት ፊደል ናት። በእኛ ፊደል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ሰው ሲያሳጥር «ሚ.ግ.» እና «ማ.ግ.» ብሎ ይጽፋል፤ ሚ እና ማ የሚለያዩት በእግር ጭረት ነው፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ያችን ጭረት ማን ያያታል? በሺሕ የሚቆጠር ልዩነት በአንዲት ጭረት ላይ ማንጠልጠል አይገባም። «ማይክሮ ግራም» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ቦታ አይጠፋም። ዲጎክሲን ደግሞ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ሲበዛ ያቅለሸልሻል፣ ዓይን ቢጫ ያያል፣ የልብ ምት ይዛባል። ኪኒኑ በ0.125ም በ0.25ም ሚሊ ግራም ይሠራል። አገር ቤት የታወቀው 0.25 ነው። «እኛ አገር የሚወሰደው አንድ ፍሬ ነው» ብሎ በልማድ የሚተረጉም ዘመድ እጥፉን ሊያውጣት ይችላል።

ከኪኒኑ ቁጥር ይልቅ መጠኑን መጻፍ፣ ከዚያም ሣጥኑን ፎቶ አንስታ እንድትልክ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ግማሽ» ወይም «አንድ ፍሬ» ማለት ነው ሥርዓቱ። ዋርፋሪኑ 2.5 ከሆነና ሣጥኗ ላይ 5 የሚል ካለ ግማሽ ነው። ቀለምን ማመን ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። የእንግሊዝ አገር ሮዝ ዋርፋሪን 5 ሚሊ ግራም ነው፤ የአሜሪካው ሮዝ 1 ሚሊ ግራም ነው። «ሮዟን ውሰጂ» የሚል ትርጉም አገር ሲቀየር አምስት እጥፍ ይለዋወጣል።

ምሕጻረ ቃሎቹ ያን ያህል አያስፈሩም፤ በቁጥር ጥቂት ናቸው። ግን ጎረቤታቸውን ሳያዩ መፍታት አይቻልም። OD እዚህ ወረቀት ላይ በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ በዓይን ሐኪም ወረቀት ላይ ቀኝ ዓይን ነው፤ በድንገተኛ ክፍል ደግሞ ከመጠን በላይ መድኃኒት ወሰደ ማለት ሊሆን ይችላል። የወረቀቱ መግቢያ ላይ MS የሚል ካለ የማይትራል በር ጥበት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የነርቭ በሽታ ነው፤ ሞርፊን የተባለው ማደንዘዣም በዚሁ ይጻፋል። MVA የሚለው የበሩ ስፋት ነው፤ ከጎኑ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር አለ። ያንን መለኪያ ያላየ ሰው የመኪና አደጋ ብሎ ይተረጉመዋል፤ እናትየዋ እንፍራንዝ ላይ ልጄ መኪና ገጭቷት ነበር ብላ ታለቅሳለች። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. የማይጻፉ ምሕጻረ ቃላት ዝርዝር አውጥቷል፤ በቀን አንድ ጊዜ ለማለት የሚጻፈው QD፣ ቀን እየዘለሉ ለማለት ከሚጻፈው QOD ጋር ስለሚምታታ ሁለቱም እዚያ ውስጥ አሉ። ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይግባቡ ቀርተዋል። የእንፍራንዙ አስተማሪ ቢስት አያሳፍርም።

በ2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብሮንክስ መድኃኒት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት በኮምፒውተር ወደ ስፓኒሽ የተተረጎሙ የመድኃኒት ማዘዣዎችን መርምሮ ከግማሾቹ ላይ ስሕተት አግኝቷል። ከተጠቀሱት አደጋዎች አንዱ አንድ ጊዜ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተረጎም መቅረቱ ነው፤ ያው አጻጻፍ በስፓኒሽ አሥራ አንድ ማለት ነው። የስፓኒሹ «አሥራ አንድ» የእኛ «6 ሰዓት» ነው።

የመድኃኒቱ ስምስ? ስሙ አይተረጎም። በአማርኛ ፊደል መጻፉ ለእሷ ንባብ ይጠቅማታል፤ ላቲኑ ግን ከጎኑ፣ ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ተቀድቶ መቅረት አለበት፤ ነገ መድኃኒት ቤት ገብታ የምታሳየው ሰው ግዕዝ አያነብም። የሣጥኑን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም መያዝ ያስፈልጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ዲላኮር የሚባለው ስም አሜሪካ ውስጥ ዲልቲያዜም የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሳለ ሰርቢያ ውስጥ ግን ዲጎክሲን ነው። በአንድ ስም ሁለት መድኃኒት፣ አንደኛው በትንሽ ስሕተት የሚመርዝ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ስለ እሱ ብዙ ሰው አይናገርም። ወረቀቱ ላይ ዋርፋሪን እየወሰደች እንዳታረግዝ፣ የእርግዝና መከላከያ እንድትጠቀም ተጽፏል። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ይጎዳል፤ የእሷም ልብ እርግዝናን አይችልም ይሆናል። ያላገባች እህቱን «መከላከያ ውሰጂ» የሚል የድምፅ መልእክት የሚልክ የእንፍራንዝ ወንድም ስንት ነው? አብዛኛው ያልፈዋል። «ሌላው ምክር ነው፣ ጤናሽን ጠብቂ ነው የሚለው» ይላል። የተሳሳተ ቃል አልተናገረም፤ የዋጠው ግን ከወረቀቱ ዋና ትእዛዞች አንዱን ነው። ማፈሩ ሊወቀስ አይገባም። ማድረግ ያለበት ያንን አንቀጽ ሌላ ሰው እንዲነግራት ነው፤ ሚስቱ፣ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ፣ የአክስት ልጅ። «እታለም፣ አንድ ክፍል አለ፣ እሷ ትነግርሻለች» ማለት መዋሸትም መተውም አይደለም።

«ለባለሙያ ይሰጥ» የሚሉ አሉ። የትኛው ባለሙያ? ማኅተም ያላቸው የትርጉም ቤቶች የጋብቻና የልደት ማስረጃ ሲተረጉሙ ኖረዋል፤ ማኅተማቸው ለኤምባሲ እንጂ ለዲጎክሲን ዋስትና አይሆንም። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተነሣው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን ፋርማሲስት ያሠለጥናል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ 2/7ን ያወቀ፣ ሰዓቱንም በአበሻ የሚቆጥር ሰው ይወጣበታል። ከወንድምየው ሻይ ቤት ፈቀቅ ብሎ ያለ መድኃኒት ቤት ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። ወንድምየው ይጻፈው፤ እሷን የሚያውቃት እሱ ነው። ከመላኩ በፊት ግን ፎቶውንና የጻፈውን አማርኛ ጎን ለጎን ለፋርማሲስቱ ያሳይ። ከተቻለ ደግሞ ፎቶውን ያላየ ሦስተኛ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይናገር፤ «ያዢ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

የጤና ቢሮዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። አገር ቤት ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ራሱ እንግሊዝኛ ወረቀት ነው የሚይዘው፤ መድኃኒት ቤቱ ሣጥን ላይ 1×2 ብሎ ይጽፍለታል። አንድ ሁለቴ ነው ወይስ ሁለት አንዴ? «ቀን» ራሱ ብርሃኑን ብቻ ነው ወይስ ሌሊቱንም ይጨምራል? ለእነዚህ ጥቂት ሐረጎች ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የታወቀ አማርኛ ቢኖር የእንፍራንዙ አስተማሪ ከዜሮ ባልጀመረ።

እስከዚያ ግን ሥራው የሚያልቀው ሲላክ አይደለም። እሷ መልሳ ስትናገር ነው። ገባሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «አዎ» ትላለች፣ እንዳይከፋው። «ነገ ከጠዋት እስከ ማታ የምትወስጂውን በየተራ ንገሪኝ» ነው የሚባለው። የድምፅ መልእክቷ ይመጣል፦ «ጠዋት 2 ሰዓት የሽንቷንና ያቺን ትንሿን። ዋርፋሪን ዛሬም ነገም የለም። ማክሰኞ ደም እሰጣለሁ፣ ሐኪሙ ካላለኝ አልጀምርም። መርፌው በየአራት ሳምንቱ ነው፣ እሱን ራሳቸው ይጠሩኛል ብለውኛል። ሁለተኛዋን የሽንት ደግሞ ስልኬ 8 ሲል፣ ማታ።»

ወንድምየው ሻዩን ያስቀምጥና እንደገና ይጀምራል። «አይደለም እታለም፤ በአበሻ 8 ሰዓት ነው ያልኩሽ። ስልክሽ 2:00 ሲል፣ በቀን።»